በየወሩ ስምንት ፎቶ

ረሃብ አገር ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚዘጋው ፎቶ ቤት ነው። ሰው ፎቶ ሳይነሣ ሊሞት ይችላል፤ ፎቶ ባለመነሣቱ የሞተ ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም። በ1965 ዓ.ም. በልጉ ሲከዳ በመካነ ሰላም ገበያ ዳር «ፎቶ ክንፈ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለው ክንፈ አባተ ይህን በገዛ ሆዱ ተማረው። የሚዳር ጠፋ፤ ቀለበት ካሰረ በኋላ ከሙሽሪት ጋር ፎቶ የሚነሣም ጠፋ። ተማሪው ትምህርቱን እየጣለ ስለሄደ ለመታወቂያ ብሎ የሚመጣም አልነበረም። የቀረው አንድ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ ካሜራ፣ በማሾ ብርሃን የሚሠራ የፎቶ ማጉያና በካርቶን የተደፈነች ጨለማ ክፍል ብቻ ነበር።

በዚያች ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ እህቱ ይታይሽ ተኝታለች። ይታይሽ ታላቁ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ደሴ ወርዶ ሙያ ልማር ሲል ካሜራ መግዣ ያጣውን ልጅ፣ ባሏን ለምና አንድ በሬ አሽጣ የሰደደችው እሷ ናት። በሬ ሽጦ ካሜራ መግዛት በማሻ፣ በይታይሽ መንደር በኩል ባሉ ገበሬዎች ዘንድ እብደት ነው። ጎረቤት ሁሉ ሲስቅባት «በሬ ያርሳል፤ ወንድሜ ደግሞ ያያል» ብላ መለሰች አሉ። አሁን ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ ቀርቷል፤ ሁለተኛው በሬ ሞቷል። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጇን ምናለን አዝላ፣ ከመንደሯ ሰዎች ጋር በእግሯ መካነ ሰላም ገባች። የመንደሯ ሰዎች ዘመድ ስላልነበራቸው ሜዳ ላይ ቀሩ፤ እሷ ወንድም ነበራትና ቤት ገባች። ልጁ ማልቀስ ካቆመ ሰንብቷል፤ ማልቀስ የጉልበት ሥራ ነው።

ክንፈ ቁጭ ብሎ አሰበ። በከተማው ውስጥ አሁንም ጭስ የሚወጣበት ኩሽና አንድ ነው፤ የወይዘሮ ብርሀንነሽ ይማም «ዓባይ በር ሆቴል»። ስምንት አልጋ፣ አንድ አዳራሽ፣ ፊቱ በኖራ የተለሰነ ረጅም ግድግዳ። ሴትዮዋን ከሩቅ እንጂ አያውቃቸውም፤ እሳቸውም አያውቁትም። እንዲሁ ሄዶ ደጃቸው ላይ ቢቆም ዘበኛቸው ጀብሪል ከለማኝ ለይቶ አያየውም። ስለዚህ የጨዋ ልጅ እንደሚያደርገው ደብዳቤ ጻፈ።

«ለተከበሩ ወይዘሮ ብርሀንነሽ ይማም። ጤና ይስጥልኝ። ሳያውቁኝ በድፍረት ስለጻፍሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሆቴልዎ ከደሴ ወዲህ ወደር የለውም፤ ደሴ ያለ እንግዳ ግን ሾፌር ሲያወራለት ይሰማል እንጂ አላየውም። እኔ በየወሩ አንድ ፊልም፣ ይኸውም ስምንት ፎቶ፣ አነሣልዎታለሁ፤ የሆቴሉን ፊት፣ አልጋዎቹን፣ አዳራሹን፣ ክቡራን እንግዶችዎን። ሁለቱ በትልቁ ታትመው አዳራሽዎ ውስጥ ይሰቀላሉ። ሦስቱ ደሴ፣ መናኸሪያው አካባቢ ባሉ ሻይ ቤቶች ይለጠፋሉ። ሦስቱ ከጀርባቸው የሆቴሉ ስም ተጽፎባቸው ለእንግዳ ይሸጣሉ፤ ሽያጩም የእርስዎ ነው። በየወሩ ስለሚታደስ ያየ ሁሉ ሆቴሉ ሥራ ላይ መሆኑን ያውቃል። የመጀመሪያውን ወር ካልወደዱት አይክፈሉኝ። ለናሙና አንዱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።»

ደብዳቤው ጥሩ ነበር። ሰው የሚፈልገውን እንጂ የጸሐፊውን ሆድ አያወራም። ችግሩ ናሙናው ላይ ነበር።

የሆቴሉን ፊት ከማዶ ሆኖ በጠዋት ፀሐይ ነው ያነሣው። ከግድግዳው ኋላ የኩሽናው ምድጃ ስላለ ግድግዳው ይሞቃል፤ ስለዚህ ከደጋ የወረደው ረሃብተኛ ሁሉ ጀርባውን እዚያ ለጥፎ ይውላል፣ ያድራል። ክንፈ ይነሡ እንደሆነ ብሎ ጠበቀ። የት ይሂዱ? ፀሐይዋ ልታመልጠው ሲል አነሣ።

ፊልሙን አጥቦ ሲያየው፣ እንደ ልማዱ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነው የወጣው፤ ነጩ ግድግዳ ጥቁር፣ ቡትቶ የለበሰው ሰው ደግሞ ነጣ ብሎ። በሌንስ ተጠግቶ አያቸው። ከሁሉ ጫፍ የተቀመጠችውን አወቃት። ወርቄ ናት፤ የእህቱ ጎረቤት፣ ልጅ ሳለ ከብት ጠብቆ ሲመለስ ቆሎ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ የምትጠብቀው ሴት። እንዲህ ያለ ፎቶ ለሆቴል ባለቤት የሚልክ እብድ ነው። ክንፈ ደግሞ እብድ አልነበረም። በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ቀለም ነክሮ በፊልሙ ላይ አንድ በአንድ ቀባቸው። ፊልም ላይ የጠቆረ ቦታ ብርሃን አያሳልፍም፤ ብርሃን ያልነካው ወረቀት ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ግድግዳውም ነጭ፣ እነሱም ነጭ። ሲያትመው ዓባይ በር ሆቴል እንደ ፋሲካ ማለዳ ጠርቶ ወጣ። ወርቄን መጨረሻ ላይ ነበር የቀባት። መስመሩን ግን አልሳተም።

በማግሥቱ ጀብሪል ሊጠራው መጣ።

ወይዘሮ ብርሀንነሽ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩ፤ በመስኮቱ ወደ ግድግዳው አዩ፤ እንደገና ፎቶውን አዩ።

«እነዚህን የት አደረስሃቸው?» አሉ።

«ቀለም ቀባኋቸው፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ሳቁ። ሲስቁ ደግ ሴት ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው በዚያ ይሳሳት ነበር። «ጀብሪል ወር ሙሉ በዱላ ያቃተውን አንተ በብሩሽ ገላገልኸኝ።»

ጀብሪል በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። «እትዬ፣ እኔኮ አንሥቼ ነበር፤ ተመልሰው ይመጣሉ እንጂ» አለ።

«የዚህ አይመለሱም» አሉ ወይዘሮ ብርሀንነሽ። ከዚያ ወደ ክንፈ ዞሩ። «ገንዘብ የለኝም። ገንዘብ አለኝ የሚል ነጋዴ በዚህ ዘመን ሌባ ነው። ስንት ሆነህ ነው የምትበላ?»

«እህቴና ልጇ አሉ። ሦስት ነን።»

«በቀን አንድ ትሪ ከኩሽና ትወስዳለህ፤ ከእንግዳ የተረፈ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። ፊልሙንና ወረቀቱን በእኔ ስም ከደሴ ሾፌሮቹ ያመጡልሃል። በየወሩ ስምንት። ግድግዳዬ ግን እንደዚህ» በጣታቸው ፎቶውን መታ መታ አደረጉ፤ «እንደዚህ እንዲሆን ነው የምፈልገው።»

ክንፈ እጅ ነሥቶ ወጣ። ደስ አለው፤ ለምን ይዋሻል። የዚያን ቀን ይታይሽ ወጡን በእንጀራ እየነከረች ለምናለ ስታጎርሰው፣ ልጁ መጀመሪያ ማኘክ ረስቶ ነበር። ኋላ ዋጠ። ይታይሽ ወንድሟን እያየች «አብሽር፣ ወንድምዓለም፣ በሙያህ አበላኸን። ያ በሬ ዛሬም ያርሳል» አለችው።

ክንፈ ባዶውን ትሪ አንሥቶ ወጣ።

ወሩ በወር ተተካ። ክንፈ አልጋውን አነጣጥፎ ያነሣል፤ ጠርሙሶቹን አሰልፎ ያነሣል፤ ለጨው ጭነት የመጣ ነጋዴን ቦርጩን አስደግፎ ያነሣል። የሆቴሉን ፊት ሲያነሣ ይቀባል። በግድግዳው ሥር ያሉት በየወሩ ይለዋወጡ ነበር፤ ይሄዱ ነበር ማለት አይደለም፣ ማዘጋጃ ቤት በጋሪ ይወስዳቸው ነበር ማለት ነው። ወርቄ በሐምሌ ሞተች። ይታይሽ ከትሪው ላይ ቆርሳ በነጠላዋ ሥር ደብቃ ትወስድላት እንደነበር ክንፈ ያወቀው፣ እህቱ ከግድግዳው ሥር ሬሳ ታቅፋ ተቀምጣ ሲያገኛት ነው። እህቱን አነሣትና ወደ ቤት ወሰዳት። ወይዘሮ ብርሀንነሽ እንዳያዩ ፈርቶ በጓሮ በኩል ነበር የወሰዳት።

በነሐሴ ወሬ መጣ። ከደሴ የእርዳታ እህል ሊላክ ነው። ግን የት ይራገፍ? አንድ ሹም ከተማ ለከተማ እየዞረ አይቶ ይወስናል፤ ችጋር የጠናበት ከተማ የእህል ጣቢያ ይሆናል፤ ሌላው ይቀራል። ከደጋ የመጣው ሰው ሁሉ ይህን ሰምቶ አንገቱን ከደሴ ወደሚመጣው የአቀስታ መንገድ አዞረ። ይታይሽም አዞረች። አንድ ትሪ ለሦስት ሰው ዕለቱን ያሳልፋል እንጂ ልጅ አያሳድግም፤ የምናለ እግር ማበጥ ጀምሯል።

«እህሉ እዚህ ከመጣ እኮ፣ ክንፌ» ትላለች በየማታው፤ «እህሉ እዚህ ከመጣ ልጄ ይተርፋል።»

ሹሙ አቶ አምባቸው ይባላሉ። በላንድሮቨር ሲመጡ ዶፍ እየጣለ ነበር። ጀብሪል ከእኩለ ቀን ጀምሮ ግድግዳውን አጽድቶ፣ ሰዎቹን ከባሕር ዛፉ ወዲያ ወዳለው ሸለቆ ነድቷቸዋል። «አላህ ይቅር ይበለኝ» እያለ ነበር የነዳቸው፤ ዱላው ግን ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። ሹሙ ታዲያ ዕውር አልነበሩም። ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም በመንገዱ ዳርና ዳር የተኛው ሰው ተኝቶ እንዳልነበር አይተዋል።

ማታ አዳራሹ ውስጥ ዶሮ ቀርቦላቸው በሉ። ከበሉ በኋላ ቀና ሲሉ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች አዩ። ተነሥተው ተጠጉ።

«ማን ነው ያነሣው?»

ክንፈ ተጠራ። ሲገባ ወይዘሮ ብርሀንነሽ ለሹሙ እያወሩ ነበር።

«ጌታዬ፣ እህሉ እዚህ ከተራገፈ የአውራጃችን የቦረና ረሃብተኛ ሁሉ ደጄ ላይ ነው የሚያድረው። ሾፌር አይገባልኝ፣ ነጋዴ አይገባልኝ። በሽታውስ? ከተማችን ይኸው እንደሚያዩት ደኅና ናት።»

አቶ አምባቸው ፎቶውን ከሚስማሩ አውርደው በመብራት ሥር ያዙት። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። «እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፣ ወይዘሮ። ግን ረሃብ አለ ብዬ የጻፍሁ እንደሆነ ለምን ቀድሞ አልተነገረንም ብለው የሚቀጡት እኔን ነው። የለም ብዬ ብጽፍ ደግሞ ማስረጃህ የት አለ ይሉኛል።» ወደ ክንፈ ዞሩ። «በዚህ ክረምት የተነሣ ነው?»

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ከጀርባው ቀኑን ጻፍ፤ በዚህ ቀን እንዳለ የተነሣ እውነተኛ ፎቶ ነው ብለህ ፈርም፤ ማኅተምህን አድርግ።»

ክንፈ ወይዘሮ ብርሀንነሽን አየ። እሳቸው ወደ ኩሽናው በር ተመለከቱ። ነገሩ ገብቶታል። ካልፈረመ ከነገ ጀምሮ ትሪ የለም። ከፈረመ እህል የለም። በልቡ አወጣ አወረደ። የደሴ እህል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው፤ ይመጣ ይሆናል፣ ላይመጣም ይችላል፤ ቢመጣም ጭቃ ሹሙና ዘመዱ ይከፋፈሉታል። ትሪው ግን በእጅ ያለ ነው። ሰው እንዲህ እያለ ነው ራሱን የሚሸጥ፤ በአንድ ጊዜ አይሸጥም፣ በየምክንያቱ ነው የሚቆርሰው። እውነቱን ለመናገርም አፉን ከፍቶ ነበር። ብዕሩ ቀደመው።

ጻፈ፤ ፈረመ፤ «ፎቶ ክንፈ፣ መካነ ሰላም» የሚለውን ማኅተም እፍ ብሎ አተመ። አቶ አምባቸው ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቀው በቦርሳቸው ከተቱት። «ጥሩ ሙያ ነው» አሉት።

እህሉ ከአቀስታ ወዲያ፣ በደሴ መንገድ ላይ ባለ አንድ ሜዳ ተራገፈ። ሰው ያንን ሲሰማ መካነ ሰላምን ለቅቆ መሄድ የሚችለው ሁሉ ሄደ። የማይችለው እዚያው ቀረ፤ ብዙም አልቆየም። የጭነት መኪናዎቹም እህሉ ያለበትን ተከትለው በዚያው ቀሩ። ሾፌሩ እዚያ ሆነ፣ ነጋዴው እዚያ ሆነ። ዓባይ በር ሆቴል ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳው ያለ ቀለም ነጣ፤ አልጋውም አብሮ ነጣ፣ የሚተኛበት የለም። ወይዘሮ ብርሀንነሽ በጀብሪል እጅ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላኩለት። «እንግዳ በሌለበት ፎቶ ምን ያደርግልኛል። እስካሁን ለሠራኸው እግዜር ይስጥልኝ።»

ጀብሪል ወረቀቱን ሰጥቶ አልሄደም፤ ቆመ። «ኩሽናው ራሱ ተዘግቷል፣ ጋሼ ክንፈ። እኔንም አሰናብተውኛል» አለ።

ይታይሽ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰማች። ስትወጣ ልጇን አዝላ ነበር። «እንሂዳ» አለች። «እህሉ እኛ ጋ ካልመጣ እኛ እንሂድበት። ለሰው ሁሉ የተላከ ነው፤ የኛን ድርሻ ማን ይከለክለናል?»

እስከ አቀስታ ባጋጠማቸው አንድ የጨው ጭነት መኪና ላይ ወጡ፤ ለዚያ ማጉያው ተሸጠ። ከዚያ ወዲያ በእግር ሄዱ። ምናለን ክንፈ ተሸከመው። ልጁ ከእንጨት ይቀል ነበር፤ እግሩና ሆዱ ብቻ ነበር ያበጠው። በየዕረፍቱ ይታይሽ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ታደርግና «አለ» ትላለች። ቃሏ ያ ብቻ ነበር።

ሜዳው ላይ ሰው እንደ ገበያ ተኮልኩሏል። ጆንያው በሸራ ሥር ተቆልሏል፤ ሁለት ፖሊሶች ይጠብቁታል። ከፊቱ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት አቶ አምባቸው ነበሩ።

ተራቸው ሲደርስ «ከየት ናችሁ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ከመካነ ሰላም፣ ጌታዬ» አለች ይታይሽ።

«መካነ ሰላም የለበትም። ይህ እህል ረሃብ ላለበት ወረዳ የተመደበ ነው። ቀጥሎ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ኧረ በወለላይቱ። እኛማ ያለቅነው እዚያ ነው።»

አቶ አምባቸው ብዙ ሰው ከዚያ እንደመጣና እንደተከራከራቸው ያስታውቅ ነበር፤ ሳይቆጡ ከፋይላቸው ፎቶውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይኸው ከተማሽ። የታለ ረሃብተኛው?»

ይታይሽ ጎንበስ አለች። ፎቶ ማየት ለምዳለች፤ የፎቶ አንሺ እህት ናት። ግድግዳውን ወዲያው አወቀችው፤ ጣቷንም ጫፉ ላይ አሳረፈች። «ይኼ የእትዬ ብርሀንነሽ ግድግዳ ነው። ወርቄ እዚህ ጋ ነበረች። እዚሁ ጋ ነው ስንት ወር የተቀመጠች፣ እዚሁ ጋ ነው እቅፌ ላይ የሞተች።»

«እህቴ፣ ጣትሽ ያለበት ኖራ ነው» አሉ አቶ አምባቸው። ያን ጊዜ ቀና አሉና ከኋላዋ የቆመውን አዩ። ፎቶውን ገልብጠው ማኅተሙን አሳዩት። «አንተ ነህ። ይህ እጅህ አይደለም?»

«ነው፣ ጌታዬ።»

«በል ንገራት እንግዲህ። ይህ ፎቶ ሐሰት ከሆነ እዚህ ጋ ሐሰት ነው ብለህ ጻፍልኝ። መንግሥትን በሐሰት ማኅተም ያታለለ ሰው ቅጣቱን ታውቃለህ፤ ፖሊሶቹም እዚሁ ናቸው። እህትህ ግን እህል ታገኛለች። እውነት ከሆነ ደግሞ ወደ ቤታችሁ ግቡ።»

ይታይሽ ዞረች። ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር፤ እውነቱን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ በመገኘቱ ደስ ብሏታል። «ንገራቸዋ፣ ክንፌ። ያነሣኸው አንተ አይደለህ? ወርቄ አልነበረችም?»

ምናለ በክንፈ ትከሻ ላይ ነበር። ትንፋሹ አንገቱን ይነካዋል፤ ሞቅ ያለች፣ አጭር ትንፋሽ ናት። ክንፈ ፖሊሱን አየ። የፖሊሱን ገመድ አየ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት፤ ያችን ቃል ከዚህች ሴት በላይ የሚገባው ሰው በምድር ላይ እንደሌለ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ፈራ። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ፈራ።

«በዚያ ቀን ሰው አልነበረም» አለ።

ይታይሽ አየችው። ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ቢሆን ይቀለው ነበር። እሷ ግን እንደገና ወደ ፎቶው ጎንበስ ብላ ነጩን ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ጣቷን አነሣች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታዬ» አለች አቶ አምባቸውን። «ረሃብ ዓይኔን አፍዞት ነው። ወንድሜ አልነበረም ካለ አልነበረም፤ እሱ አይዋሽም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ከሰልፉ ወጣች። አቶ አምባቸው ፎቶውን ወደ ፋይላቸው መለሱና «ቀጥሎ» አሉ።

በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ምናለ አቀስታ ሳይደርሱ በክንፈ ትከሻ ላይ ሞተ። ይታይሽ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች፤ በዚህ ጊዜ «አለ» አላለችም። መንገድ ዳር ድንጋይ ከምረው ቀበሩት። ሲጨርሱ ክንፈ መሬት ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ጀመረ፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን ዳበሰችው፤ እስከዚያ ድረስ ልጇን ስለተሸከመላትም አመሰገነችው።